ከአክስቷ ጀርባ ያለው ግብ የየት አገር ነው?

ይህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈተችው አንዲት የሐዋሳ ልጅ ናት። ካረፈች አክስቷ አልበም ውስጥ ያገኘችውን ፎቶ ለጠፈች። ሦስት ሴቶች ካፖርት ለብሰው ቆመዋል፤ የመሃሏ አክስቷ ናት። ከጀርባቸው ዝናብ የጠገበ አረንጓዴ ሜዳ አለ። ሜዳው ጫፍ ላይ ኤች የተባለውን የፈረንጅ ፊደል የሚመስል ረጅም ነጭ ግብ ቆሟል። ከፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ የተጻፈው ዕለቱ እሑድ መሆኑ ብቻ ነው፤ ዓመትም አገርም የለም።

አክስቷ ነርስ ነበረች። በ1981 ዓ.ም. ለአጭር ሥልጠና ወደ ውጭ ሄዳ ነበር። ደብዳቤዎቿ የለንደን ማህተም ስላለባቸው ቤተሰቡ ፎቶውም የለንደን ነው ይላል። ልጅቷም በዚያ ላይ ተነስታ፣ ግቡ የራግቢ ስለሆነ አገሩ እንግሊዝ ነው ብላ ጻፈች። የጠየቀችው የሚያረጋግጥላት ወይም የሚያርማት ሰው ካለ ነው። ክሩ ረዝሞ ብዙ ሰው መሃል ላይ እየገባ ስለተምታታበት፣ የተባለውን በየመልሱ ቁጥር ቅደም ተከተል ልተርክላችሁ።

ቁጥር 1 ወዲያው ተስማማ። ኤች የሚመስል ግብ ካየህ ራግቢ ነው፣ ራግቢ ደግሞ የእንግሊዝ ነው፣ አለቀ አለ። ነፍስ ይማር ማለቱንም አልረሳም። በእርግጥ ራግቢ ከእንግሊዝ ውጭም ደቡብ አፍሪካ፣ ኒውዚላንድ፣ ፈረንሳይ፣ ጎረቤታችን ኬንያም ሞልቷል። ግቡ ራግቢ ቢሆን እንኳ አገሩን ለይቶ አይሰጥም ነበር።

ቁጥር 2 ሚኒሶታ የሚኖር አባት ነው። ይኼ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ነው አለ። ልጁ በሚማርበት ትምህርት ቤት ያለው ግብ ልክ እንደዚህ ነው፦ ከላይ ለአሜሪካን ፉትቦል፣ ከታች መረብ ተደርጎለት ለእግር ኳስ። ማስረጃውም በፎቶው ግብ ላይ የሚታየው መረብ ነው። ራግቢ መረብ የለውም፤ ስለዚህ ቁጥር 1 ተሳስቷል። በዚህኛው እሱ ልክ ነበር፤ ቀሪው ላይ ግን ገና ብዙ ክርክር ይመጣል።

ቁጥር 3 ዓይኗ ያረፈው ሌላ ነገር ላይ ነው። ከቀኙ ቋሚ አጠገብ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ቆሟል። አክስቲቱ ነርስ ከነበረች ሰውየው ሐኪም ነው፣ ሜዳውም የሆስፒታሉ ግቢ ይሆናል ብላ ደመደመች። ቁጥር 4 ደግሞ የጎንደር ሰው ነው። ፎቶውን አጉልቶ ሲያይ ከተጫዋቾቹ አንዱ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዟል። ይኼማ የገና ጨዋታ ነው፤ ጃንሜዳ ይሆናል እንጂ ምን ውጭ አገር ወሰዳችሁት ብሎ በደስታ ጻፈ።

ቁጥር 5 አላስቀረለትም። ገና በረጅም ቋሚ ግብ ሲጫወቱ የት አየህ፣ መጀመሪያ ፎቶውን በደንብ ተመልከት እንጂ አለው። አነጋገሩን አልወደድኩትም። የጎንደሩ ሰው አገሩን ይሳት እንጂ ዱላውን ከሁላችን ቀድሞ ያየ እሱ ነው፤ ክሩን ያዞረውም ያ ዱላ ነው።

ቁጥር 6 ላይ ደብሊን ውስጥ ዓመታት የኖረ ሰው መጣ። እሑድ እሑድ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሜዳ ይሄዳል። ቁጥር 4ን አመስግኖ ጀመረ። ዱላው የሀርሊንግ ነው፤ የአየርላንዶች ጨዋታ። የገናችን ዱላ ጫፍ ቀጠን ብሎ ይቆለመማል፤ የእነሱ ግን ጫፉ ላይ መዳፍ ያህል ሰፍቶ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ያው ሜዳና ያው ግብ ለጌሊክ እግር ኳስም ያገለግላል። በሀርሊንግ ኳሱ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ካለፈ አንድ ነጥብ ነው። ከአግዳሚው በታች መረቡ ውስጥ ከገባ ጎል ነው፣ ሦስት ነጥብ ያስቆጥራል። ኤች መሳይ ግብ ከታች መረብ የለበሰው ለዚህ ነው።

ስለ ጋውኑም እሱ ነው የመለሰው። ሐኪም አይደለም፣ የግብ ዳኛ ነው። በየግቡ አጠገብ ሁለት ሁለት ሆነው ነጭ ጋውን ለብሰው ይቆማሉ። ለነጥብ ነጭ ባንዲራ፣ ለጎል አረንጓዴ ባንዲራ ያውለበልባሉ። ከዚያም ማንም ያላየውን ነገር አሳየ። ከግቡ ጀርባ፣ ራቅ ብሎ፣ በረጃጅም እንጨቶች ላይ የተወጠረ ሌላ ሰፊ መረብ አለ። ኳሱ በየጊዜው ከአግዳሚው በላይ ስለሚመታ ሰፈር ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር ይይዘዋል። እሱ እንደሚለው ግቡ ራሱ ቢሸፈን እንኳ ይህ መረብ ብቻውን ያስጠረጥራል።

ቁጥር 7 የሜልቦርን እህት ናት። እሷም በራስ መተማመን ነው የገባችው። ነጭ ጋውንና ባንዲራ የአውስትራሊያ እግር ኳስ የግብ ዳኛ መለያ ነው፣ በድሮ ፎቶዎች ሁሉ ባርኔጣ አድርጎ ይታያል አለች። ይኼ እውነት ነው። የደብሊኑ ሰው ቁጥር 8 ላይ በአክብሮት አረማት። አውስትራሊያዎች በአንድ በኩል አራት ቋሚ ነው የሚተክሉት፦ ሁለት ረጃጅም መሃል ላይ፣ ሁለት አጫጭር ከዳርና ከዳር። አግዳሚ የሚባል ነገር የለም። ሜዳቸውም ሞላላ ነው፤ በበጋ ክሪኬት ይጫወቱበታል። በፎቶው ላይ ግን አግዳሚ አለ፣ የሜዳው የጫፍ መስመርም ቀጥ ያለ ነው። እህታችን አልተቀየመችም። ቋሚዎቹን ሳልቆጥር ጋውኑን ብቻ አይቼ ነው ብላ ተወችው።

የሚኒሶታው አባት ግን አልተዋጠለትም። ቁጥር 9 ላይ ትንሽ ቆጣ ብሎ ተመለሰ። ዱላ አሜሪካ ውስጥም አለ፤ ላክሮስ የሚባል ጨዋታ እዚያው ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። ጋውን የለበሰውም ማንም ሊሆን ይችላል። ግቡ ግን ግብ ነው፤ እኔ በየሳምንቱ የማየውን ግብ ከደብሊን ሆናችሁ አትነግሩኝም አለ።

ክሩ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ይጀምራል። ቁጥር 10 አዳማ የሚኖር ቀያሽ ነው። ስለ ስፖርቱ ምንም እንደማያውቅ በግልጽ ተናገረ፤ መለካት ግን ሥራው ነው። በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ያለውን ስፋት ለአግዳሚው ከፍታ እናካፍለው አለ። የየጨዋታው ልክ በደንብ ተጽፎ ያለ ነገር ነው። ራግቢ 5.6 ሜትር ስፋት፣ አግዳሚው 3 ሜትር ላይ፤ ሲካፈል ወደ 1.87 ይመጣል። የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 7.11 ሜትር በ3.05፤ ወደ 2.33። የአየርላንዱ 6.5 በ2.5፤ 2.6 ይሆናል። በዓይን ሲታይ ሁሉም ያው ኤች ነው። ሲካፈል ግን የአየርላንዱ ዝቅ ያለና ሰፊ፣ የራግቢው ጠበብ ብሎ ከፍ ያለ መሆኑ ይወጣል።

ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አጉልቶ በማስመሪያ ለካ። ስፋቱ 41 ሚሊ ሜትር፣ ከሣሩ እስከ አግዳሚው 16 ሚሊ ሜትር። ሲካፈል 2.56። ፎቶው ግቡን ፊት ለፊት አያይም፤ ትንሽ ከጎን ነው የተነሳው። ከጎን ስታየው ስፋቱ ይጠባል፣ ከፍታው ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ከጎን መነሳቱ ቁጥሩን ሊያሳንሰው ይችላል እንጂ ሊያሳድገው አይችልም። የራግቢ ግብ በየትኛውም አቅጣጫ ብታነሳው ከ1.87 አይበልጥም። የአሜሪካው ትምህርት ቤትም ከ2.33 አያልፍም። 2.56 ያሳየ ግብ ከሁለቱም አይደለም ማለት ነው። ይህን ሳነብ ፎቶውን ከፍቼ ራሴም ለካሁት።

ቁጥር 11 የሚኒሶታው ነው፤ ጥያቄው ግን ከልብ ጥሩ ነበር። ሣሩ ረጅም ከሆነስ አለ። ሜዳው ጫፍ ላይ ዝቅ ብሎ የቋሚው ሥር ከተሸፈነስ? ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ቢደበቅ የእኔ ግብ አግዳሚ 2.75 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል፣ ያኔ ያንተ ሒሳብ 2.59 ይመጣል። ሄዶ ሄዶ አሜሪካ ነው። ቃላቱ ሸካራ ነበሩ። ቢሮ ተቀምጦ መለካት ቀላል ነው የሚል ነገርም ጨመረበት።

ቀያሹ ቁጥር 12 ላይ በቁጣ አልመለሰም። ነጥቡ ትክክል ነው አለ፤ ሥሩ ከተደበቀ ቁጥሩ ያብጣል። ስለዚህ ሌላ መለኪያ ፈለገ፤ ያም ነጭ ጋውን የለበሰው ዳኛ ነው። ዳኛው ከቋሚው ጎን ስለቆመ ከካሜራው ያለው ርቀት ከቋሚው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ተለካ፤ 11 ሚሊ ሜትር። አግዳሚው 16 ነበር። አግዳሚው 2.5 ሜትር ላይ ከሆነ ሰውየው 1.72 ሜትር ቁመት አለው፣ እንደማንኛውም ሰው። አግዳሚው 3.05 ሜትር ላይ ከሆነ ግን ሰውየው 2.10 ሜትር መሆን አለበት። ሣሩ የቋሚውን ሥር ቢደብቅ የዳኛውንም እግር ይደብቃል፤ ያኔ ሰውየው እንዲያውም ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ተጫዋቾቹን ያልለካቸው ለምን እንደሆነም ተናገረ፦ ወደ ካሜራው ቀርበው ስለሚሮጡ ተልቀው ይታያሉ፣ ለማነጻጸር አይሆኑም።

ቁጥር 13 ላይ የሚኒሶታው አባት የልጁን ትምህርት ቤት ግብ ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። ሊሟገትበት ነበር፤ ፎቶው ግን ለሌላው ወገን መሰከረ። እዚያ ሁለት አግዳሚ አለ። አንደኛው 2.44 ሜትር ላይ ያለ የእግር ኳሱ ነው፣ መረቡም የሚንጠለጠለው ከእሱ ነው። ሁለተኛው ከዚያ በላይ ለአሜሪካን ፉትቦል የተቀመጠ ነው። በሁለቱ መሃል ሰማይ ይታያል። በአክስቲቱ ፎቶ ላይ ግን አግዳሚው አንድ ብቻ ነው፣ መረቡም ከዚያው ይጀምራል። እሱም ይህን አልካደም። የድሮዎቹ እንዴት እንደነበሩ ግን አላውቅም ብሎ በሩን በትንሹ ክፍት ተወው። ትልልቆቹ የአሜሪካ ስታዲየሞች ውስጥ ደግሞ ግቡ አንድ እግር ብቻ ነው ያለው፤ ወንጭፍ ይመስላል፣ ቀለሙም ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው። ያንን ማንም ከሌላ አያምታታውም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ባከነ። ቁጥር 14 ሪያድ የሚሠራ ወንድም ነው። ጥያቄውን ሳያነብ የራሱን ፎቶ አመጣ። አጎቱ ስታዲየም ውስጥ ቆሟል፣ ከጀርባው የሩጫ መም አለ። ይኼስ የት ነው አለ። ቁጥር 15 ዙሪያውን መም ካለው ወይ አፍሪካ ወይ ምሥራቅ አውሮፓ ነው ብሎ በአንድ መስመር ፈረደ። ቁጥር 16 ደግሞ በአንድ መስመር አፈረሰበት፦ የበርሊኑም የሮማውም ኦሊምፒክ ስታዲየም መም አለው። ይበልጥ የሚያዋጣው ከተቃራኒው መነሳት ነው አለ። የእንግሊዝ የድሮ ክለብ ሜዳ መም የለውም። አራቱ የተመልካች ፎቆች ተለያይተው የተሠሩ ናቸው፣ ጣሪያቸው እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ተመልካቹም መስመሩ ላይ የተቀመጠ ያህል ቅርብ ነው። በየማዕዘኑ ረጃጅም የመብራት ማማ ከቆመ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ቁጥር 17 ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። የሪያዱን ፎቶ አይተው አዲስ አበባ ስታዲየም ነው አሉ። አጎትህ የቆመው ካታንጋ በኩል ነው፣ ፊት ለፊት የሚታየው ጥላ ፎቅ ነው ብለው አስረዱት። በጣሪያው ነው የለዩት፤ ጥላ ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ። ከዚያ ስለ ሚስማር ተራና ስለ ዳፍ ትራክ ትዝታ ብዙ ተጻፈ። እሱን እዚህ አልደግመውም፤ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

ቁጥር 18 የጎጃም ልጅ ነው። የእኛን አገር ለመለየት ስታዲየም አያስፈልግም አለ፤ ከባህር ዛፍ የተተከለ መረብ የሌለው ግብ፣ አግዳሚው ወደ መሃል የጎበጠ፣ ሜዳው ላይ ላም የምትግጥበት። ካምፓላ የምትኖር ሴት ቁጥር 19 ላይ ባህር ዛፉ እዚህም አለ፣ ላሟም አለች አለችው። ልዩነት ከፈለግህ ጎን ያለውን ሜዳ ተመልከት ብላ መከረችው። ኡጋንዳ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ዘንግ ላይ ቀለበት ብቻ የታሰረበት፣ ከኋላው ሰሌዳ የሌለው ታያለህ። ቅርጫት ኳስ አይደለም፣ ኔትቦል ነው። እንግሊዞች በገዙባቸው ብዙ አገሮች የሴት ተማሪዎች ጨዋታ ነው። እኛ ጋ ያልተለመደ ስለሆነ ይህ ዘንግ ካለ ኢትዮጵያ የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል። አስተያየቷ አጭር ናት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የምሥራቅ አፍሪካ ፎቶ ባየሁ ቁጥር ቀለበቷን እፈልጋለሁ።

ቁጥር 20 ላይ የክሩ ባለቤት፣ የሐዋሳዋ ልጅ ተመለሰች። እናቷን ጠይቃ ነበር። አክስቷ በ77ቱ ድርቅ ወሎ ውስጥ ከአየርላንድ ከመጡ ነርሶች ጋር ሠርታለች፤ ሥልጠናውንም ያገኙላት እነሱ ናቸው። ይህን ለምን በመጀመሪያ አልነገርሽንም ብሎ ቁጥር 21 ተቆጣት። ልጅቷ ያላወቀችውን ከየት ታምጣ? ጋሼ ጣልቃ ገብተው ቁጣውን አበረዱት።

ሁላችንም ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። የደብሊኑ ሰው ግን ቁጥር 23 ላይ ቆዩ አለ። ግቡ የሚናገረው የጨዋታውን ዓይነት ነው፤ አገሩን አይደለም። አየርላንዶች የሄዱበት ሁሉ ይህን ግብ ይዘው ሄደዋል። ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ሜዳ አላቸው። ለንደን ውስጥም ሩስሊፕ የሚባል ሰፈር ሜዳቸው አለ። ደብዳቤዎቹ የለንደን ማህተም ካላቸው ቤተሰቡ ትክክል ሊሆን ይችላል። እሑድ መሆኑም አይለይም፤ የእነሱ ጨዋታ በባህል እሑድ ነው፣ ለንደንም ሆነ አየርላንድ። እሑድ መባሉ የሚያዳክመው የራግቢውን ግምት ብቻ ነው፤ የእንግሊዝ ራግቢ በዚያ ዘመን ዋናው ቀኑ ቅዳሜ ነበር።

አሁን የቀረው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ማሊያው ነው። ዱላ የያዘው ልጅ ደረቱ ላይ ጽሑፍ አይታይም። በአየርላንዶቹ ጨዋታ ማሊያ ላይ የስፖንሰር ስም የተፈቀደው በ1991 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከ1981 ዓ.ም. ጋር አይጋጭም። ቀለሙ ግን ፎቶው ስለደበዘዘ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ አልተለየም። ቁጥር 24 አረንጓዴ ከሆነ የአየርላንዱ የሊምሪክ አውራጃ ቡድን ነው ብሎ ሊቸኩል ሲል፣ የደብሊኑ ሰው የመንደር ክለቦችም ያንኑ ቀለም እንደሚለብሱ ነግሮ አስቆመው።

ሌላው ከተመልካች ቦታው ጣሪያ በላይ፣ በግራ ጠርዝ የሚታየው ጥቁር ነገር ነው። ቀያሹ ተራራ ነው ይላል። የሜልቦርኗ እህት ዛፍ ነው ትላለች። ለንደን የሚኖር አንድ ወጣት ቁጥር 26 ላይ ሩስሊፕ ሄዶ ከተመሳሳይ አቅጣጫ ፎቶ ሊያነሳ ቃል ገባ። የተመልካች ቦታው ታድሶ ሊሆን ስለሚችል እሱን እንዳያነጻጽር፣ አድማሱን ብቻ እንዲያይ ቀያሹ አሳሰበው። እዚያ ሜዳው ጀርባ የሚታይ ተራራ ከሌለና የፎቶው ጥቁር ነገር ተራራ ከሆነ ለንደን ይወድቃል። የሐዋሳዋ ልጅ ደግሞ የለጠፈችው በስልክ ያነሳችውን መሆኑን፣ የግራውን ጠርዝም እንደቆረጠችው ተናግራለች። ፎቶውን ከአልበሙ አውጥታ ሙሉውን ስካን ልታስደርግ ነው።